«ስኳር የለበትም?» የጅማ ማር ሻጭ ምን ማስረጃ ሊያቀርብ ይችላል

ጅማ ላይ ማር የሚሸጥ ሰው ከዋጋው በፊት የሚመልሳት ጥያቄ አለች። «ስኳር የለበትም?» ሻጩ ይምላል። ገዢው ግን መሐላ አምኖ የተሸወደበትን ቀን አልረሳም። ከዚያ ክብሪት ይወጣል፣ ወይም ውሃ በብርጭቆ ይቀርባል፣ ወይም ጣት ወደ ባልዲው ይገባል። በቴሌግራም ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አዲስ አበባ ያለው ገዢ ማሩን የሚያየው በፎቶ ነው። ፎቶው ላይ «100% ንጹህ የጅማ ማር» ተብሎ ተጽፏል። ቀጣዩ ሻጭም ያንኑ ጽፏል። ከእሱ ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ።

ገዢውን ተጠራጣሪ ብሎ መውቀስ አይቻልም። የስኳር ሽሮፕ፣ ሞላሰስ፣ የተፈጨ ሙዝ፣ የበቆሎ ዱቄት፣ ማር ውስጥ ያልገባ ነገር የለም። ይሄ የኛ አገር ጣጣ ብቻም አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ በሚገባለት ማር ላይ ምርመራ አድርጎ በ2023 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውጤቱን ሲያወጣ፣ ከ320 ናሙናዎች 147ቱ ሽሮፕ ሳይቀላቀልባቸው አልቀረም ተብለው ተጠርጥረዋል። ያን ሁሉ ላብራቶሪ ይዘው እንኳ ከተጠራጠሩ፣ ሂርማታ ገበያ መሃል ክብሪት የያዘ ሰው ቢጠራጠር ምን ይገርማል?

ችግሩ ጥርጣሬው ላይ አይደለም፣ ፈተናው ላይ ነው። ገዢው የሚያምንባቸው የቤት ውስጥ ፈተናዎች ብዙ ጊዜ አጭበርባሪውን አሳልፈው ሐቀኛውን ይጥላሉ። ላብራቶሪው የተሻለ ያያል፣ እሱም ግን የማያየው ነገር አለ። ስለዚህ «ማሬ እውነተኛ ነው» የሚል ሻጭ ገዢው ሄዶ ሊያጣራው የሚችለው ነገር ማቅረብ አለበት። ያ ነገር ምን እንደሚመስል ለማየት ከክብሪቱ እንነሳ።

ክብሪት፣ ውሃና ጉንዳን

የክብሪቱ ፈተና እንዲህ ነው። የክብሪቱን ራስ ማር ውስጥ ነክሮ መጫር። ከተቀጣጠለ ማሩ ንጹህ ነው ይባላል። እውነቱን ለመናገር ይህ ፈተና የሚለካው ነገር አለ፣ እርጥበት። ውሃ የበዛበት ማር ክብሪቱን ያበሰብሰዋል። ነገር ግን በደንብ ተፈልቶ የወፈረ የስኳር ሽሮፕም ውሃው ትንሽ ነው። ክብሪቱ ማሩንና ሽሮፑን የሚለይበት መንገድ የለውም።

የውሃው ብርጭቆም እንደዚያው ነው። ጠብታው ሳይበተን ወደ ታች ከወረደ ንጹህ ይባላል። ማር ከውሃ በአንድ ነጥብ አራት እጥፍ ገደማ ይከብዳልና ይሰምጣል። እኩል የወፈረ ሽሮፕም ክብደቱ ያው ስለሆነ እኩል ይሰምጣል።

የጉንዳኑ ግን ያስቃል። «ንጹህ ማር ጉንዳን አይነካውም» የሚል ሰው ንብ አርቢ ዘንድ አንድ ቀን ቢውል ይበቃዋል። ጉንዳን ቀፎ ውስጥ ከገባ ማሩን ብቻ ሳይሆን እጩንም ይጨርሳል፣ ንቦቹም ጥለው ይሄዳሉ። አርቢው በቀፎው መደብ ዙሪያ አመድ የሚነሰንሰው ለምን ሆነና?

እነዚህ ሦስቱ የዋህ ስህተቶች ናቸው። ጉዳት የሚያመጣው አራተኛው ነው፣ «የረጋ ማር ስኳር አለበት» የሚለው። ጅማ አካባቢ፣ በተለይ በጌራና በበለጠ ጌራ ጫካ፣ ንቦች ገተማ ከሚባለው ትልቅ ዛፍ አበባ የሚሰሩት ማር አለ። ነጣ ያለ ነው፤ ከተቆረጠ ብዙም ሳይቆይ ይረጋል። ሲረጋ ደቃቅ ፍሬ ይሠራል፣ ቅቤ ይመስላል። ይህን ማር የማያውቅ ገዢ ማንኪያውን ሲሰድና ጥርሱ ስር ሲንቋቋ ሲሰማ ፍርዱን እዚያው ሰጥቷል። «ስኳሩ ይኸው!»

የሚንቋቋው በእርግጥ ስኳር ነው፣ ግን ከአበባ የመጣ ስኳር። ማር በዋናነት የሁለት ስኳሮች ድብልቅ ነው፣ የግሉኮስና የፍሩክቶስ። ፍሩክቶስ ውሃ ውስጥ በቀላሉ ሟሙቶ ይቆያል። ግሉኮስ ግን ብዙም አይሟሟም። ግሉኮሱ የበዛበት ማር ቀስ በቀስ ይረጋል፣ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ ይፈጥናል። የትኛው ማር ቶሎ እንደሚረጋ፣ የትኛው ፈሳሽ ሆኖ እንደሚከርም የሚወስነው ንቧ የቀሰመችው አበባ ነው። መርጋት ማሩን ንጹህም ቆሻሻም አያሰኘውም።

አሁን ሻጩ ምን ያድርግ? የረጋ ማር ይዞ ገበያ ቢወጣ አይሸጥለትም። ስለዚህ ባልዲውን እሳት ላይ ይጥደዋል። ማሩ ይቀልጣል፣ ይጠራል፣ እንደ ወርቅ ያበራል። ገዢውም ደስ ብሎት ይገዛል። እሳቱ ግን የማሩን ኢንዛይም አዳክሞታል፣ መዓዛውንም ወስዶታል። ባልዲውን ከ40 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጦ ቀስ ብሎ ማቅለጥ ይቻል ነበር። ግን ገዢ እየጠበቀ፣ ቀኑ የገበያ ቀን ሆኖ፣ ያን ሁሉ ሰዓት የሚታገስ ጥቂት ነው። እንግዲህ የገዢው ጥርጣሬ ራሱ ጥሩውን ማር አበላሸው ማለት ነው።

አምስት ኪሎ ስኳር ቢገባበትስ?

ነገሩ በደንብ የሚታየው አንድ ማጭበርበር በቁጥር ስንከታተል ነው። 20 ኪሎ ጥሩ ማር አለን እንበል፣ እርጥበቱ 18 በመቶ። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ ለማር የሚፈቅደው እርጥበት እስከ 20 በመቶ ነው። ከዚያ ካለፈ ማሩ መብላላት፣ ወደ ጠጅነት መሄድ ይጀምራል።

የዋህ አጭበርባሪ አንድ ሊትር ውሃ ይጨምርበታል። እርጥበቱ ወደ 22 በመቶ ይጠጋል። ሪፍራክቶሜትር የምትባል በኪስ የምትያዝ መሣሪያ አለች። አንድ ጠብታ ማር መስታወቷ ላይ ጠብ አድርጎ፣ ክዳኗን መልሶ፣ ወደ ብርሃን አዙሮ በዓይን ማየት ነው። ቁጥሩ ወዲያው ይነበባል። ይህን ሰውዬ በደቂቃ ትይዘዋለች።

ብልጡ ግን ውሃ ብቻ አይጨምርም። አምስት ኪሎ ስኳር በአንድ ሊትር ውሃ አፍልቶ ያወፍርና ይቀላቅላል። አሁን 26 ኪሎ «ማር» ሆነ። በውስጡ ያለው ውሃ 4.6 ኪሎ ነው። ለ26 ሲካፈል እርጥበቱ 17.7 በመቶ አካባቢ ይመጣል። አስተውሉ፣ ከመጀመሪያው ንጹህ ማር ያነሰ ነው! ሪፍራክቶሜትሯ «ጎበዝ» ትለዋለች። ክብሪቱም ይቀጣጠላል፣ ጠብታውም ብርጭቆው ስር ይሰምጣል። ሰውዬው ስድስት ኪሎ ተጨማሪ ሸጠ።

ላብራቶሪ ቢገባ ግን አያልፍም። የገበያ ስኳር ሱክሮስ ነው። ንብ ደግሞ ከአበባ የምታመጣውን ሱክሮስ በምራቋ ኢንዛይም እየሰበረች ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ትለውጠዋለች፣ ስለዚህ በበሰለ ማር ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ነው። ኮዴክስ ለአብዛኛው ማር የሚፈቅደው እስከ 5 በመቶ ነው። በኛ ባልዲ ውስጥ ወደ 20 በመቶ ይገኛል። የጽሑፉ መጨረሻ እዚህ ቢሆን ደስ ባለን ነበር።

ከብልጡም የባሰ ብልጥ አለ። ስኳሩን ሲያፈላ ሎሚ ይጨምቅበታል። አሲዱና ሙቀቱ ተባብረው ንቧ የምትሠራውን ሥራ ይሠራሉ፣ ሱክሮሱን ይሰብሩታል። አሁን የሱክሮስ ምርመራው እሱን ያሳልፈዋል። ግን በዚህ መንገድ ሲሄድ ሌላ ዱካ ይተዋል። ስኳር በአሲድ ሲፈላ ኤች ኤም ኤፍ የሚባል ንጥረ ነገር ይፈጠራል። ገና በተቆረጠ ማር ውስጥ ይህ ነገር ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ኮዴክስ በኪሎ እስከ 40 ሚሊግራም፣ ከሞቃት አገሮች ለሚመጣ ማር ደግሞ እስከ 80 ይፈቅዳል። የሎሚው ሰውዬ ከዚያ በላይ ሊያሳይ ይችላል።

ችግሩ ኤች ኤም ኤፍ እሳት ላይ በተጣደ ሐቀኛ ማርም ውስጥ ይጨምራል። ሙቅ መጋዘን ውስጥ ዓመት በከረመውም እንዲሁ። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሲገኝ «ተሞቋል፣ ወይ አርጅቷል፣ ወይ ተቀላቅሏል» ከማለት አያልፍም። ያ ገዢውን ለማስደሰት ባልዲውን የጣደው ሻጭ ትዝ አላችሁ? አሁን ወረቀት ላይ ከአጭበርባሪው ጋር ጎን ለጎን ቆሟል።

የመጨረሻው ትልቁ መሣሪያ የካርቦን አይሶቶፕ ምርመራ ነው። ነገሩ ሲቃለል እንዲህ ነው። ሸንኮራ አገዳና በቆሎ ከአየር ላይ ካርቦን የሚወስዱበት መንገድ ከአብዛኞቹ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ይለያል። ገተማ፣ ብሳና፣ ግራዋ፣ ቡና፣ እነዚህ ሁሉ በአንድ ወገን ናቸው። አገዳ በሌላ። ልዩነቱ ካርቦኑ ውስጥ ተመዝግቦ ይቀራል፣ ስኳሩ ቢፈላም ሎሚ ቢጨመቅበትም አይጠፋም። ምርመራው የማሩን ስኳር ከራሱ ከማሩ ፕሮቲን ጋር ያነጻጽራል። ሁለቱ ካልገጠሙ ከውጭ የገባ ስኳር አለ ማለት ነው። በአውሮፓ ይህን ፈተና ከሩዝና ለስኳር ከሚመረት ቀይ ሥር መሰል ተክል በተሠራ ሽሮፕ ያልፉታል፣ እነዚያ ተክሎች ከዛፎቹ ወገን ናቸውና። የኛ አገር ስኳር ግን ከወንጂ ይምጣ ከፊንጫ የአገዳ ስኳር ነው። እዚህ የተቀላቀለን ማር ለመያዝ ይህ ፈተና ጥሩ ነው።

እሱም ቢሆን ገደብ አለው። የተጨመረው የአገዳ ስኳር ከ7 በመቶ በታች ከሆነ በእርግጠኝነት ተቀላቅሏል ማለት አይቻልም። በ20 ኪሎ ላይ አንድ ኪሎ ተኩል መሆኑ ነው። ደግሞም እንዲህ ያለ ማሽን በየከተማው የለም። ለአንድ ባልዲ ማር ማንም አያስመረምርም። ኤክስፖርት ለሚያደርግ ነጋዴ ወይም ለማኅበር ግን በምርት ዘመን አንዴ ማስመርመር ሊያዋጣ ይችላል።

«እንጀራውን ካየሁ በቃኝ» የሚሉ ገዢዎችም አሉ። የማር እንጀራ ከነሰሙ ሲቀርብ ያጓጓል፣ ስኳር መቀላቀልም ከባድ ይመስላል። ግን አበባ በሚጠፋበት ጊዜ አርቢው ንቦቹን የስኳር ውሃ ይቀልባቸዋል። ይህ በራሱ ነውር አይደለም፣ ንቦቹ እንዳይሞቱ የሚደረግ ነው። አበባው መጥቶ ንቦቹ ማር ማስቀመጥ ሲጀምሩ ካላቆመ ግን ንቦቹ ያንን ሽሮፕ እንጀራው ውስጥ ሞልተው በሰም ይከድኑታል። እንጀራው እውነተኛ፣ ሰሙ እውነተኛ፣ ንቧም እውነተኛ። ማሩ ግን አይደለም።

ማሰሮው የማይናገረው

እስካሁን ያየነው ሁሉ ማሩን ብቻውን ቁጭ አድርጎ «ማን ነህ?» ብሎ የሚጠይቅ ነው። ጠንካራው ማስረጃ የሚመጣው ከጀርባው ያለውን ሰንሰለት ስንከተል ነው። ሰርተፊኬት የሚሰጡ ድርጅቶች የሚሠሩበትን አንድ ዘዴ የጅማ ሻጭ በደብተርና በሚዛን ብቻ ሊሠራበት ይችላል። የገባውንና የወጣውን ማመሳከር ነው።

አንድ ልጅ እንውሰድ። ጅማ ከተማ ውስጥ ይሸጣል፣ ማሩን የሚያመጣው ጌራ ወረዳ ውስጥ ካሉ አራት አርቢዎች ነው። አርቢዎቹ በጠቅላላው 60 ባህላዊ ቀፎ ዛፍ ላይ ሰቅለዋል። ሁሉም ንብ አልገባባቸውም፣ ዘንድሮ የገባባቸው 40 ናቸው። ባህላዊ ቀፎ በዓመት ከአምስት እስከ ስምንት ኪሎ ቢሰጥ ነው። ዘመናዊ ሳጥን ቀፎ በእጥፍና ከዚያ በላይ ይሰጣል፣ እነዚህ ግን ባህላዊ ናቸው። ስድስት ስድስት ኪሎ ብንል 240 ኪሎ ድፍድፍ ማር። ተጣርቶ፣ ሰሙና ሰፈፉ ወጥቶ፣ 170 ኪሎ ተመዘነ እንበል።

ይህ ልጅ በዚህ ዓመት 170 ባለ አንድ ኪሎ ማሰሮ ይኖረዋል። አንድም አይበልጥም። ማሰሮዎቹን ከ1 እስከ 170 ቁጥር ይሰጣቸዋል። ቁጥሩ ክዳኑ ላይ በተለጠፈ፣ ሲከፈት በሚቀደድ ወረቀት ላይ ይጻፋል። ቴሌግራም ገጹ ላይ የቀፎውን ብዛት፣ የተቆረጠበትን ወርና ጠቅላላ ኪሎውን ያስቀምጣል። ማሰሮ ቁጥር 171 የሚባል ማር ገበያ ላይ ከታየ ጉዱ ፈላ። ከ40 ቀፎ 600 ኪሎ ሸጥኩ የሚል ሻጭም ያለ ምንም ላብራቶሪ ተጋለጠ። የሐሰት ቁጥር መጻፍ ይችላል? ይችላል። ግን አሁን ውሸቱ ሊጣራ የሚችል ውሸት ሆኗል። አርቢዎቹ አሉ፣ ቀፎዎቹ አሉ፣ ሰው ሄዶ ሊቆጥር ይችላል። «100% ንጹህ» ግን ማን ሄዶ ምን ይቆጥርለታል?

ሌላ ብዙ ሰው የማያስበው ምስክር ደግሞ ሰሙ ነው። ድፍድፍ ማር ሲጣራ ሰም ይቀራል፣ ከባህላዊ ቀፎ ከሆነ ከማሩ ክብደት አንድ አስረኛ የሚጠጋ። ከ240 ኪሎ ወደ 20 ኪሎ ገደማ ሰም መውጣት አለበት። ሰሙ ይሸጣል፣ ለጧፍም ይሆናል። ስንት ኪሎ ሰም ለማን እንደሸጠ ደብተሩ ላይ ካለ፣ የማሩን መጠን ከሌላ አቅጣጫ ያረጋግጥለታል። ስኳር አፍልቶ ማር የሚያበዛ ሰው ሰሙን ማብዛት አይችልም።

ሦስተኛው ነገር የታሸገ ናሙና ነው። ማሩ ከአርቢው ሲገዛ፣ ሳይጣራና ሳይቀላቀል፣ ከእያንዳንዱ አርቢ ሩብ ሩብ ኪሎ በሦስት ጠርሙስ ይወሰዳል። ክዳኑ ላይ ወረቀት ይለጠፋል፣ አርቢውና ሻጩ ወረቀቱን አቋርጦ ጠርሙሱ ላይ በሚደርስ ፊርማ ይፈርማሉ፣ ቀኑ ይጻፋል። አንዱ አርቢው ዘንድ፣ አንዱ ሻጩ ዘንድ፣ አንዱ ሁለቱም በሚያምኑት ሦስተኛ ሰው ወይም በማኅበር ዘንድ ብርሃንና ሙቀት በሌለበት ይቀመጣል። ገዢ «ይሄ ማር አይደለም» ብሎ ሲመጣ፣ የእሱ ማሰሮና የታሸገው ናሙና አብረው ይመረመራሉ። እንደዚህ ሲሆን ነው ላብራቶሪው የሚጠቅመው። የኤች ኤም ኤፍ ቁጥሩ ናሙናው ላይ 12፣ ማሰሮው ላይ 70 ከሆነ፣ በመሃል አንድ ነገር ተደርጓል። ሁለቱም ላይ ተቀራራቢ ከሆነ ጥያቄው ወደ አርቢው ይዞራል። ለዚህ ነው የናሙናው ሦስተኛ ጠርሙስ ከሻጩ እጅ ውጭ መሆን ያለበት።

ወደ አርቢው ካልን አይቀር፣ ሻጩም ገዢ ነው። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» እንዲሉ፣ ማሩ ጅማ ሳይደርስ ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል። ለዚህ የሚረዳው ቀላሉ ነገር የተጣራ ማር ከመግዛት ድፍድፉን ከነእንጀራው መግዛትና ማጣራቱን ራስ መሥራት ነው። የአበባው ወቅት ከመግባቱ በፊት ሄዶ ቀለቡ መቼ እንደሚቆም መነጋገርም አለ። በርክክቡ ላይ ሪፍራክቶሜትር ይዞ መሄድ ጥሩ ነው። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ርካሽ ሆነው የሚገኙት ብዙዎቹ የስኳሩን መጠን በመቶኛ ከ0 እስከ 32 የሚያነቡ፣ ለፍራፍሬ ጭማቂ የተሠሩ ናቸው። ለማር አይሆኑም። የማሩ ከ58 እስከ 90 አካባቢ የሚያነበው ነው። የረጋ ማርም ካልቀለጠ ንባቡ ያሳስታል።

የት እንደተመረተ ለሚጠይቅ ገዢ ደግሞ የአበባ ብናኝ ምርመራ አለ። ንቧ ከማሩ ጋር የተክሉን ብናኝ ይዛ ትመጣለች። ባለሙያ በማይክሮስኮፕ አይቶ የየትኛው ተክል እንደሆነ ይለያል፣ ይቆጥራልም። ከብናኙ 45 በመቶ በላይ የአንድ ተክል ከሆነ በተለምዶ ማሩ በዚያ ተክል ስም ይጠራል። «የገተማ ማር» ተብሎ የቀረበ ማር ውስጥ የገተማ ብናኝ ከሌለ ነገሩ አልቋል። ሆለታ እንዳለው የንብ ምርምር ማዕከል ያሉ ተቋማት በዚህ ዓይነት ሥራ የቆዩ ናቸው። ብናኙ ግን ከጫካው መምጣቱን እንጂ ስኳር አለመጨመሩን አያሳይም፣ እውነተኛ ማር ላይ ሽሮፕ ቢጨመርም ብናኙ እዚያው አለና።

«ኦርጋኒክ» የሚለውስ?

አሁን አሁን ማሰሮ ሁሉ ላይ «ኦርጋኒክ» ተጽፎ እናያለን። ይህ ከ«ንጹህ» የተለየ አባባል ነው፣ ያለ ሰው ሠራሽ ኬሚካል ተመረተ ማለት ነው። ስኳር የሌለበት ማር ኦርጋኒክ ላይሆን ይችላል። ኢትዮጵያ ስለ ኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት በ1998 ዓ.ም. የወጣ አዋጅ ቁጥር 488 አላት፣ ቃሉ እንደ «ጣፋጭ» ማንም እንደፈለገ የሚለጥፈው ጌጥ አይደለም።

ማር ላይ ነገሩን የሚያከብደው ንቧ አጥር አለማወቋ ነው። አርቢው ቀፎው ላይ አንድም መድኃኒት ላይረጭ ይችላል። ንቧ ግን ሦስት ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሄዳ ልትቀስም ትችላለች። የአውሮፓ የኦርጋኒክ ደንብም በቀፎው ዙሪያ ሦስት ኪሎ ሜትር ያለው ቀሰም በዋናነት ከጫካ፣ በራሱ ከበቀለ ተክል ወይም ከኦርጋኒክ ማሳ እንዲሆን ይጠይቃል። ሦስት ኪሎ ሜትር ትንሽ ይመስላል። ክብ ሲደረግ ግን 28 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ 2,800 ሄክታር። በበለጠ ጌራ ጫካ ውስጥ የተሰቀለ ቀፎ ይህን ሊያሟላ ይችላል። ጅማ ከተማ ጓሮ ያለ ቀፎ፣ ወይም አረም ማጥፊያ በሚረጭበት የበቆሎ ማሳና በጫት እርሻ መሃል ያለ ቀፎ ግን ባለቤቱ የቱንም ያህል ሐቀኛ ቢሆን ኦርጋኒክ ነኝ ለማለት አቅም የለውም። ሐቀኝነቱ ስለ ጎረቤቱ ማሳ ምንም አይናገርም።

ላብራቶሪ ወስዶ «ፀረ ተባይ አልተገኘም» የሚል ወረቀት ማምጣትስ? ወረቀቱ ጥሩ ነው፣ ግን የሚለው ሌላ ነው። የተፈለጉት ኬሚካሎች መሣሪያው ሊለካ ከሚችለው በታች ናቸው ማለት ነው። ያልተፈለገው ዝርዝሩ ላይ አይገኝም። ኦርጋኒክነት በዋናነት የአመራረት ጉዳይ ስለሆነ የሚረጋገጠው ቦታው ላይ በመሄድ ነው። ለውጭ ገበያ ከሆነ ይህን የሚሠራው ሰርተፊኬት ሰጪ ድርጅት ነው፣ ወጪውም ብዙ አርቢ ያቀፈ ማኅበር የሚችለው እንጂ አርባ ቀፎ ላለው ሰው አይደለም። ለአገር ውስጥ ገበያ የቀለለ አሠራር በብዙ አገሮች አለ። አርቢዎቹ በጋራ ደንብ ያወጣሉ፣ አንዱ የሌላውን ቀፎና አካባቢ እየዞረ ያያል፣ ገዢዎችም አብረው ይዞራሉ፣ የታየው ይጻፋል። ድክመቱ ግልጽ ነው፣ ጎረቤት ጎረቤቱን አያጋልጥም። ገዢው ወይም ከሌላ ቀበሌ የመጣ ሰው አብሮ ካልዞረ እርስ በርስ መሸፋፈን ይሆናል። በቅርብ ያለ ሰው ግን ማን ማታ ስኳር እንደጫነ ከየትኛውም መርማሪ በፊት ያውቃል።

ማሩን ከነጋዴ በጀሪካን ገዝቶ በማሰሮ እየከፋፈለ የሚሸጥ ሰው ከዚህ ሁሉ ምን ይቀረዋል? ሰንሰለቱ እሱ ጋ ሳይደርስ ተቆርጧል። ከየት እንደመጣ፣ ከስንት ቀፎ እንደተቆረጠ አያውቅም። እሱ ማለት የሚችለው የለካውን ብቻ ነው፣ እርጥበቱ ይህን ያህል፣ ሱክሮሱ ይህን ያህል፣ የተመረመረው በዚህ ቀን። «ከጌራ ጫካ» ማለት አይችልም። ለዚህም ነው የእሱ ማር ከልጁ ማር በርካሽ መሸጥ ያለበት።

የልጁ ማሰሮ ላይ ያለው ጽሑፍ እንዲህ ይላል እንበል። «ከባህላዊ ቀፎ፣ ጌራ። ግንቦት 2017 የተቆረጠ። በጨርቅ የተጣራ፣ እሳት ያልነካው። በርክክብ ጊዜ እርጥበቱ 18 በመቶ። ይረጋል፤ ሲረጋ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ያስቀምጡት። ማሰሮ 63 ከ170። ናሙናው የታሸገ ነው፣ ከተጠራጠሩ አብረን እናስመርምር።» «ንጹህ» የሚል ቃል የለበትም፣ «ኦርጋኒክ»ም የለበትም። ገዢው ግን ከተጻፈው ውስጥ የፈለገውን መርጦ ስልክ ሊደውልበት፣ ሊለካው ወይም ጌራ ድረስ ሄዶ ሊያየው ይችላል።